ሦስት የታሮት ካርዶችን እንዴት እናነባለን? ከ78ቱ ካርዶች አደረጃጀት እስከ አንድ ዓረፍተ ነገር

ታሮት ለመማር የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰለቸው የ78 ካርድ ትርጉም በቃሉ ለመያዝ ሲሞክር ነው። አዲሶቹን ሲጨምር የቀደሙት ይጠፉበታል። የካርዶቹን አደረጃጀት ከያዛችሁ ግን አብዛኛውን ትርጉም ራሳችሁ ታወጡታላችሁ። ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ እሱም የተደረደሩትን ሦስት ካርዶች እንደ አንድ ነገር ማንበብ ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ሳወጣ መጀመሪያ የምጠየቀው «ይሄ ጥንቆላ አይደለም ወይ?» ተብዬ ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በግልጽ እመልሳለሁ። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ኢጣልያ ውስጥ የተጀመረው ለካርታ ጨዋታ ነው። ዕድል መንገሪያ ሆኖ በሰፊው የታወቀው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ከፈረንሳይ ተነሥቶ ነው። ካርዱ የሚወጣው በአጋጣሚ ነው፤ ነገ የሚሆነውን ያውቃል ብዬም አላምንም። እኔ የምጠቀምበት ተጨንቄበት የቆየሁትን ጉዳይ ካላየሁት ጎን ለማየት ነው። ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም የሚል ሰው ካለ ካርዶቹን ሰብስቤ አስቀምጣለሁ፤ ክርክር አልገጥምም።

1. ትክክለኛውን ካርድ ያዙ

ለጀማሪ የምመክረው በ1909 ለንደን ውስጥ የታተመውን ነው። ሥዕሎቹን የሠራችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ስትሆን ሐሳቡን የመራው አርተር ኤድዋርድ ዌይት ነው። የምመርጠው በአንድ ምክንያት ነው። በብዙዎቹ የቀደሙ የታሮት ካርዶች ላይ ስድስት ቁጥር ማለት ስድስት ምልክት ብቻ ነበር፤ በዚህኛው ግን አብዛኞቹ የቁጥር ካርዶች ሰው ያለባቸው ትዕይንቶች ናቸው። ሰው ሲኖር የሚነበብ ነገር ይኖራል። የታተመውን ካላገኛችሁ ሥዕሎቹን በወፍራም ወረቀት አሳትማችሁ መቁረጥ ይበቃል። በስልክ መተግበሪያ መጀመርን አልወደውም፤ ካርዱ ገና ብቅ ሲል የተዘጋጀ ትርጉም ከሥሩ ስለሚከተል ዓይናችሁ ሥዕሉን ማየት አይለምድም።

2. ካርዶቹን ለሁለት ክፈሉ

22ቱ ሜጀር አርካና ይባላሉ። ከ0 እስከ 21 ቁጥር አላቸው፤ በ«ሞኙ» ተጀምረው በ«ዓለም» ያልቃሉ። የሚናገሩት ስለ ትልልቅ ነገሮች ነው፤ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ብርታት፣ ስለ መፍረስ፣ ስለ ተስፋ። ሦስት ካርድ ስታወጡ ከመካከላቸው አንዱ ሜጀር ከሆነ የንባቡ ክብደት ወደዚያ ያዘነብላል። አስደንጋጩ 13ኛው «ሞት» ነው፤ በነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ጥሩር የለበሰ አጽም ይታያል። ሰው ይሞታል ተብሎ አይነበብም። አንድ ነገር ማለቁን ነው የሚያሳየው፤ ከኋላው በሁለት ማማዎች መካከል ፀሐይ ትታያለችና። ይህን ካርድ ሰው ፊት ስታወጡ ሌላ ሳትሉ አስቀድማችሁ ይህንኑ ንገሩት።

የቀሩት 56ቱ ማይነር አርካና ናቸው፤ የዕለት ተዕለት ኑሮን ይመለከታሉ። በአራት ወገን ይከፈላሉ። በትር ሥራንና ተነሣሽነትን ይይዛል፣ ጽዋ ስሜትንና ፍቅርን፣ ሰይፍ ሐሳብን፣ ንግግርንና ጠብን፣ መክሊት ደግሞ ገንዘብን፣ ንብረትንና አካልን። በእያንዳንዱ ወገን 14 ካርድ አለ፦ ከአንድ እስከ አሥር፣ ከዚያ ብላቴና፣ ፈረሰኛ፣ ንግሥትና ንጉሥ። እቤታችን የምንጫወትበት ካርታ 52 የሆነው በየወገኑ ባለ ሥዕሎቹ ሦስት ብቻ ስለሆኑ ነው፤ ታሮት በየወገኑ አንድ ይጨምራል።

3. ቁጥሩን ከወገኑ ጋር አገናኙ

ማስታወስ ያለባችሁ ከ56 ትርጉም ይልቅ አራቱን ወገኖችና የቁጥሮቹን ጉዞ ነው። አንድ ጅማሬ ነው፣ ሁለት በሁለት ነገር መካከል መቆም፣ ሦስት ማደግ፣ አራት መርጋት፣ አምስት መናጋት፣ ስድስት ሚዛን መመለስ። ሰባት ቆም ብሎ መመርመር፣ ስምንት መንቀሳቀስ፣ ዘጠኝ ወደ ፍጻሜ መቅረብ፣ አሥር ፍጻሜ።

ይህን በእጃችሁ ለማረጋገጥ አራቱን አምስቶች ብቻ አውጥታችሁ ደርድሩ። በበትር አምስት ወጣቶች በትር እያማዘዙ ይጋጫሉ። በጽዋ ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው የፈሰሱትን ሦስት ጽዋዎች አቀርቅሮ ያያል፤ ከኋላው የቆሙትን ሁለቱን አላያቸውም። በሰይፍ አንዱ ሰይፎቹን ሰብስቦ ፈገግ ሲል ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው ይርቃሉ። በመክሊት ሁለት ድሆች በበረዶ ውስጥ በበራ የቤተ ክርስቲያን መስኮት ሥር ያልፋሉ። አራቱም መናጋት ናቸው፤ የሚለያዩት የተናጋው ነገር ሥራ፣ ልብ፣ ክብር ወይም ኑሮ በመሆኑ ነው። አንድ ምሽት እንዲህ ብታዩአቸው ከወር ጥናት የበለጠ ይቀሯችኋል።

ሁልጊዜ እንዲህ በቀላሉ አይገጥምም። አሥር ፍጻሜ ቢሆንም የጽዋው አሥር በቀስተ ደመና ሥር የቆመ ደስተኛ ቤተሰብ ነው፤ የሰይፉ አሥር ደግሞ ጀርባው ላይ አሥር ሰይፍ የተሰካበት የወደቀ ሰው። ቁጥሩ ነገሩ የት እንደደረሰ ይነግራችኋል፤ መልካም ይሁን ክፉ የሚታየው ከሥዕሉ ነው። ብላቴና፣ ፈረሰኛ፣ ንግሥትና ንጉሥ ይከብዳሉ። ለጊዜው ተማሪ፣ ተጣዳፊ፣ ውስጡን የገዛ እና ውጩን የሚያስተዳድር ሰው አድርጋችሁ ያዟቸው። ተገልብጦ የወጣ ካርድ ካለ አቅኑት፤ የተገለበጠውን ለይቶ ማንበብ ሌላ ትምህርት ነው፣ ለጀማሪ አያስፈልግም።

4. ጥያቄውን አስተካክሉ፣ ቦታዎቹን ሰይሙ

ብዙ ሰው ሦስቱን ቦታ «ያለፈው፣ ያለው፣ የሚመጣው» ብሎ ይሰይማል። እኔ «ሁኔታው፣ እንቅፋቱ፣ ምክሩ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ «የሚመጣው» የሚለው ቦታ አንባቢውን ሳያስበው ወደ ትንቢት ይስበዋልና። ስሙን ካርድ ከመገልበጣችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉት። ከገለበጣችሁ በኋላ ቦታ መቀያየር ከጀመራችሁ የምትሰሙት የምትፈልጉትን ብቻ ነው።

«ይሆንልኝ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ለዚህ አይመችም፤ «ምን ልመልከት?» ወይም «ምን ላድርግ?» ወደሚለው መልሱት። ከዚያ በውዙ፣ ሦስት አውጡ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ደርድሩ።

5. ሦስቱን እንደ አንድ አንብቡ

እዚህ ላይ በአንድ ምሳሌ ልሂድ። የአክስቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ትኖራለች፤ ወንድሟ መንዝ ነው። እሷ ገንዘብ ትልካለች፣ እሱ በግ ገዝቶ ያደልባል፣ ለበዓል ይሸጥና ድርሻዋን ይሰጣታል። ለፋሲካ ቁጥሩን እንጨምር ሲላት ልቧ ከበዳትና «እታለም፣ ያዋጣኛል?» ብላ መጣች። የበግ ዋጋን ካርድ አያውቀውም፤ ገበያ ወጥታ ብትጠይቅ ይሻላታል። ስለዚህ ጥያቄውን «ገንዘብ ከመላኬ በፊት ምን ልመልከት?» አልነው። የወጡት የመክሊት ስድስት፣ የሰይፍ ሁለትና «ፍትሕ» ነበሩ።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። መጽሐፍ ይከፍትና «ልግስና፣ መወላወል፣ ፍትሕ» ብሎ ሦስት ቃል ይሰጣታል። እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነው፤ አንድ ላይ ግን ምንም አይሏትም። ቃሉን ትታችሁ መጀመሪያ ሥዕሎቹን እያያችሁ የሚደጋገመውን ዕቃ ፈልጉ።

በመጀመሪያው ካርድ አንድ ሀብታም ነጋዴ በአንድ እጁ ሚዛን ይዞ በሌላው ለተንበረከኩ ሁለት ሰዎች ሳንቲም ያድላል። በሁለተኛው ዓይኗን የታሰረች ሴት ሁለት ሰይፍ ደረቷ ላይ አመሳቅላ ተቀምጣለች። በሦስተኛው ፍትሕ በቀኝ እጇ ሰይፍ፣ በግራ እጇ ሚዛን ይዛለች። የመጀመሪያው ካርድ ሚዛንና የሁለተኛው ሰይፍ በሦስተኛው ካርድ አንድ ሰው እጅ ገብተዋል። ሌላም አለ፤ ፍትሕ እዚህ ሥዕል ላይ ዓይኗ አልተሸፈነም። በሁለተኛው ካርድ የታሰረው ዓይን በሦስተኛው ተከፍቷል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ለእሷ ነበር፦ «በመጀመሪያው ሥዕል ውስጥ አንቺ የትኛዋ ነሽ?» ወዲያው ሰጪውን ጠቆመች፤ ገንዘቡ የእሷ ነውና። ጥቂት ዝም አለችና «ሚዛኑን የያዘው ግን እሱ ነው፤ የሚሰጠኝን ነው የምቀበለው» አለች። ይህን ያወጣችው ራሷ ናት። አንባቢው ትርጉም ከማውጣት ይልቅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቅ ንባቡ ይሠራል።

ከዚያ ሦስቱን በሦስቱ ቦታ አስገብተን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍን፦ «ሚዛኑ በወንድሜ እጅ ነው፤ እኔም እንዳላስቀይመው ብዬ ሒሳቡን ላለማየት ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ ገንዘብ ከመላኬ በፊት ዓይኔን ገልጬ የመኖውን፣ የመግዣውንና የመሸጫውን አብረን እንመዝን።» የሰይፍ ሁለት እንቅፋት ቦታ ላይ ባይወጣ ኖሮ ዓረፍተ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር፤ ምክር ቦታ ላይ ቢወጣ ደግሞ «አሁን አትወስኚ፣ ቆይ በይ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ቦታው ትርጉሙን እንዲህ ይለውጣል።

እዚህ ንባብ ውስጥ ወንድሟ ይሰርቃል የሚል ነገር የለም፤ እኔም አላልኩም። በቦታው ስለሌለ ሰው ልብ ከካርድ ማንበብ ቤተሰብ ያጣላል። የተነበበው የእሷ ድርሻ ብቻ ነው፤ አለማየቷ።

6. ንባቡን ፈትኑት

ሁለት ፈተና አለ። የመጀመሪያው፣ አንዱን ካርድ በእጃችሁ ሸፍናችሁ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና አንብቡ። ካርዱ ተሸፍኖም ዓረፍተ ነገሩ ካልተለወጠ ያንን ካርድ አላነበባችሁትም፤ ወደ ሥዕሉ ተመለሱ። ሁለተኛው፣ ዓረፍተ ነገሩን በሐሳባችሁ ለማታውቁት ሌላ ሰው ስጡት። «ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ጊዜ ይፈታዋል» ዓይነት ከሆነ ለማንም ይገጥማል፤ ስለዚህ ገና አላለቀም።

መልሱ ስላላስደሰታችሁ በዚያው ጥያቄ ደግማችሁ አታውጡ። ሁለተኛው ሦስት ካርድ የመጀመሪያውን ያደበዝዘዋል፣ ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ የምትመርጡት የወደዳችሁትን ነው። ጥያቄው ከተለወጠ ብቻ አዲስ አውጡ። ስለ ሕመም፣ ስለ እርግዝና እና ፍርድ ቤት ስለያዘው ጉዳይ እኔ ለማንም አላወጣም፤ ሐኪሙና ጠበቃው ሊያውቁት የሚችሉት አለ፣ ካርዱ ግን አያውቀውም።

በመጨረሻ ጥያቄውን፣ ሦስቱን ካርዶችና ዓረፍተ ነገሩን ቀኑን ጽፋችሁ ደብተር ላይ አስፍሩ። የአክስቴ ልጅ ዓረፍተ ነገሯን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ሄደች፤ ለወንድሟም ደውላ፣ ገንዘቡን ከመላኳ በፊት የባለፈውን በዓል ወጪ ጽፎ እንዲልክላት ጠየቀችው።