ኦዲተር የትኛውንም ሥራ ከመስፈርት እስከ ሪሊዝ እንዲከታተል ማያያዣው እንዴት ይሠራል?

ኦዲተር መጥቶ «ፒን ሲሳሳት አካውንቱ ይቆለፋል ብላችኋል። የት ተጻፈ? በምን ተፈተነ? በየትኛው ሪሊዝ ወጣ?» ቢል፣ መልሱ ከመዝገብ እንጂ ከሰው ትዝታ መምጣት የለበትም። በዚሁ ምሳሌ እንሂድ።

መጀመሪያ ለመስፈርቱ መለያ ስጡት፤ REQ-014 እንበለው። መስፈርቱ ቢሰረዝ እንኳ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። ከመለያው ጎን እትሙንም ጻፉ፤ v1፣ v2 እያላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይሄ ነው።

ቀጥሎ ቴስት ኬዙ ላይ የሚፈትነውን መስፈርት ከነእትሙ አስፍሩ። TC-052 የሚፈትነው REQ-014 v1ን ነው እንበል፤ እሱም «ከ5 ስህተት በኋላ ይቆለፍ» ይላል። ቴስቱ 5 ጊዜ የተሳሳተ ፒን ያስገባና መቆለፉን ያያል። ቆይቶ መስፈርቱ ተቀየረ፤ v2 «ከ3 ስህተት በኋላ» አለ። ኮዱን ማንም ባይነካው ቴስቱ ያልፋል። ኮዱ ወደ 3 ቢቀየርም ያልፋል፤ 5ኛው ሙከራ ላይ አካውንቱ በሁለቱም መንገድ ተቆልፏልና። ሊንኩ አለ፣ ማስረጃው ግን የለም። እትሙ ከተጻፈ ቴስቱ v1 ላይ መቅረቱ ወዲያው ይታያል። አዲሱ ቴስት በ2ኛው ስህተት አለመቆለፉንም፣ በ3ኛው መቆለፉንም ማየት አለበት።

ታስኩን ከኮዱ ጋር የሚያገናኘው የኮሚት መልእክት ነው፦

```
TASK-231: ፒን በ3 ስህተት ይቆለፍ

Refs: REQ-014 v2
```

ታስኩ Done ስለተባለ ወጥቷል ማለት አይደለም። መውጣቱን የሚያሳየው የሪሊዝ ታጉ ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ ኮሚቱን ያወጣል፤ ሁለተኛው ያ ኮሚት ያለባቸውን ታጎች ይዘረዝራል፦

```
git log --all --oneline --grep="REQ-014"
git tag --contains 3f9c2ab
```

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያሳስታል። ኮሚቶች በስኳሽ ሲጠቃለሉ Refs የሚለው መስመር ሊጠፋ ይችላል፤ ከማዋሃዳችሁ በፊት የመጨረሻውን መልእክት አንብቡ። ኮሚቱ በቼሪ ፒክ ወደ ሌላ ብራንች ከተወሰደ ደግሞ ሃሹ ይቀየራል፤ ስለዚህ ሥራው ወጥቶም በድሮው ሃሽ ስትፈልጉት ያ ሪሊዝ ዝርዝሩ ላይ አይታይም። git cherry-pick -x የዋናውን ሃሽ መልእክቱ ላይ ስለሚጽፍ ሁሌ እሱን ተጠቀሙ።

የቴስቱ ውጤትም የትኛው ኮሚት ላይ እንደተሠራ ይጻፍበት። ማክሰኞ የተፈተነው ኮድ ሐሙስ ከወጣው ጋር አንድ ካልሆነ፣ ያ ውጤት ለሐሙሱ ሪሊዝ ማስረጃ አይሆንም።

በመጨረሻ ወደ ኋላ ሂዱ። ከሪሊዙ አንድ ኮሚት ያለ ምርጫ አንሱና ወደ ታስኩ፣ ወደ ቴስቱ፣ ወደ መስፈርቱ ተከተሉት። መስፈርት የሌለው ኮሚት ማግኘታችሁ አይቀርም። ላይብረሪ ማሻሻል ከሆነ ለጥገና ሥራ የተለየ መስፈርት ክፈቱና እዚያ አያይዙት። ማንም ያልጠየቀው አዲስ ሥራ ከሆነ ግን መስፈርቱን ዛሬ ጽፋችሁ ቀኑን ወደ ኋላ አታድርጉ። በዛሬ ቀን መዝግቡት፣ ለምን እንደዘገየም እዚያው ጻፉ።