በ3ኛው ቀን የተባለው በ9ኛው ሲሆን፦ የኤፍ ኤስ ኤች እና የኤ ኤም ኤች ምርመራ ስህተቶች

ለሆርሞን ምርመራ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የምትመጣ ሴት አብዛኛውን ጊዜ በእጇ የምትይዘው አንዲት ቁራጭ ትእዛዝ ናት፤ «የወር አበባሽ በመጣ በ3ኛው ቀን ነይ» የምትል። 3ኛው ቀን ከምን ጀምሮ እንደሚቆጠር ሳይነግሯት ይሸኟታል። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ገንዘብም ወራትም የሚበላ ስህተት ስለሆነ ረዘም አድርገን እናየዋለን።

ለማርገዝ የምትሞክር አንዲት የ34 ዓመት ሴት እንውሰድ። ጥቅምት 5 ማታ የውስጥ ሱሪዋ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አየች። ጥቅምት 6 ጠዋት ደሙ በደንብ ፈሰሰና ሞዴስ አደረገች። እስከ ጥቅምት 11 ፈሰሳት። «በ3ኛው ቀን» የተባለውን ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው ብላ ተረዳችና ጥቅምት 14 ደም ሰጠች። ትክክለኛው ቆጠራ ግን ሞዴስ ካደረገችበት ከጥቅምት 6 ይጀምራል፤ ነጠብጣቡ አይቆጠርም። ስለዚህ መምጣት የነበረባት ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን፣ ማለትም ከጥቅምት 7 እስከ 9 ባለው ጊዜ ነበር። ደም የሰጠችው በ9ኛው ቀን ነው። የኤፍ ኤስ ኤች ውጤቷ 6.1 ሆነ፤ ወረቀቱን ያየ ሁሉ «ኖርማል ነው» አላት።

ይህ ቁጥር ለምን አያስተማምንም? ኤፍ ኤስ ኤች ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ የሚወጣ፣ ኦቫሪን «እንቁላል አሳድጊ» ብሎ የሚጠራ ሆርሞን ነው። ኦቫሪዋ ቶሎ ከመለሰች ጥሪው ዝቅ ይላል፤ የምትመልሰውም ኢስትራዲዮል በሚባለው ሆርሞን ነው። መልስ ከዘገየ ጆሮው ለከበደው ሰው እንደምንጮኸው ሁሉ ፒቱታሪም ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ይህን ጩኸት ሳይሸፈን መስማት የሚቻለው በዑደቱ መጀመሪያ፣ ኢስትራዲዮል ገና ዝቅ ብሎ ሳለ ነው። በ9ኛው ቀን እያደገች ያለችው እንቁላል ኢስትራዲዮልን ከፍ አድርጋ ጥሪውን ጸጥ ታሰኘዋለች። ከዚህ ዘግይቶ እንቁላል ሊወጣ ሲል ከተቀዳ ደግሞ ኤፍ ኤስ ኤች በተፈጥሮው ስለሚዘል ሴትዮዋን ያለ ምክንያት ያስደነግጣታል።

ለዚህ ነው ኤፍ ኤስ ኤችን ብቻውን ማዘዝ የማይገባው። ከዚያው ደም ኢስትራዲዮልም ይታይ። ኢስትራዲዮል ከ60 እስከ 80 ፒኮግራም በሚሊሊትር ካለፈ፣ ቀኑ ትክክል ቢሆን እንኳ «ኖርማል» የሚመስለው ኤፍ ኤስ ኤች ታፍኖ ሊሆን ይችላል። የእኛዋ ሴት ኢስትራዲዮል አልተለካም እንጂ ቢለካ ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ ይገለጥ ነበር። ዑደቷ 25 ቀን ነው፤ ቀጣዩ ኅዳር 1 መጣ፤ ኅዳር 3 ደም ሰጠች። ኢስትራዲዮል 40፣ ኤፍ ኤስ ኤች 12.8። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ10 በላይ የሆነ ኤፍ ኤስ ኤች የእንቁላል ክምችት መቀነሱን ያመለክታል። ቀድሞ 28 ቀን የነበረው ዑደቷ ወደ 25 ማጠሩም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ይህን ግን ማንም አልጠየቃትም። ኤፍ ኤስ ኤች ከወር ወር ስለሚዋዥቅ፣ አንዴ ከፍ ብሎ በሚቀጥለው ወር ዝቅ ቢል «ተሻሽሏል» ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት የመለኪያውን አሃድ አለማየት ነው። ኤ ኤም ኤች የሚወጣው በኦቫሪ ውስጥ ካሉ ትናንሽ የእንቁላል ከረጢቶች ስለሆነ ምን ያህል እንደቀሩ ይጠቁማል፤ በዑደቱ በየትኛውም ቀን ሊቀዳ ይችላል። የእኛዋ ሴት ወረቀት «5.7» ይላል። አንዱ ቤተ ሙከራ በናኖግራም በሚሊሊትር፣ ሌላው በፒኮሞል በሊትር ይጽፋል፤ አንድ ናኖግራም በሚሊሊትር 7.14 ፒኮሞል በሊትር ነው። 5.7 ናኖግራም ቢሆን ክምችቱ ብዙ ነው። የሷ ግን ፒኮሞል ነበር፤ ለ7.14 ሲካፈል 0.8 ናኖግራም ይሆናል፤ ከ1 በታች ደግሞ ዝቅተኛ ይባላል። ከቁጥሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ሳያነቡ ውጤት አይናገሩ። የተለያዩ ማሽኖች ውጤትም እኩል ስለማይሆን ድጋሚ ሲያስፈልግ እዚያው ቤተ ሙከራ ይታይ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ይመጣል፤ ልብ የሚሰብረውም እሱ ነው። ወረቀቱን አይቶ «እንቁላልሽ አልቋል፣ አትወልጂም» ማለት! 0.8 ይህን አይልም። ኤ ኤም ኤች የሚቆጥረው ብዛትን እንጂ ጥራትን አይደለም፤ ጥራትን በዋናነት የሚወስነው ዕድሜ ነው። በተፈጥሮ ለማርገዝ በየወሩ አንድ እንቁላል ይበቃል። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት ከዚህ በፊት የመውለድ ችግር ያልታወቀባቸውን ከ30 እስከ 44 ዓመት ያሉ ሴቶች ተከታትሎ፣ ኤ ኤም ኤች ዝቅ ያለባቸው በአንድ ዓመት ውስጥ የማርገዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ አላገኘውም። ምርመራው በደንብ የሚተነብየው ሌላ ነገር ነው፤ ከማህፀን ውጭ ለሚደረግ ፅንስ መርፌ ሲሰጥ ስንት እንቁላል ሊገኝ እንደሚችል። ስለዚህ 0.8 ያላት የ30 ዓመት ሴት፣ 3 ካላት የ42 ዓመት ሴት የተሻለ ዕድል ሊኖራት ይችላል። ይህ ሳይነገራት «መካን» የሚል ቃል ቤቷ ይዛ የገባች ሴት፣ ቃሉን ከቤቱ ማስወጣት ከምርመራው ይከብዳታል።

የወሊድ መከላከያ ላይ ያለችን ሴት መመርመርም ብዙ ያሳስታል። እንክብል ኤፍ ኤስ ኤችን ያፍነዋል፣ ኤ ኤም ኤችንም ዝቅ ያደርገዋል፤ አቁማ ሁለት ሦስት ወር ብትጠብቅ ይሻላል። በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌ ከዚህም ይቆያል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እንቁላል መውጣት እስኪመለስ ዘጠኝና አሥር ወር ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ «መርፌው አደረቀኝ» ብላ በአምስተኛው ወር ለመጣች ሴት፣ አስቀድሞ እርግዝና አለመኖሩን ካዩ በኋላ፣ መጠበቅ እንዳለባት ማስረዳት ይቀድማል።

ለፀጉርና ለጥፍር የሚዋጥ ባዮቲን ያለበት ቪታሚን አንዳንድ ማሽኖችን ስለሚያሳስት ከሦስት ቀን በፊት ይቁም።

ሌላው ስህተት ሁለቱ ሆርሞኖች የማያዩትን መርሳት ነው። ቱቦ መዘጋቱን አያሳዩም፤ የባልን የዘር ፍሬም አያሳዩም። የእኛዋ ሴት ለሁለት ወር ደም ስትሰጥ ባሏ አንድም ምርመራ አላደረገም። የሱ ምርመራ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ብቻ ነው፤ መጀመሪያ መደረግ ያለበትም እሱ ነበር። ለቱቦው ደግሞ ደሙ ካቆመ በኋላ፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ባሉት ቀናት በመድኃኒት የሚነሳ ራጅ አለ። ከ35 ዓመት በታች ያሉ ጥንዶች አንድ ዓመት ሞክረው፣ ከዚያ በላይ ያሉት ስድስት ወር ሞክረው ይመጣሉ ይባላል። እሷ ገና 34 ብትሆንም በ12.8 እና በ0.8 ዓመቱ እስኪሞላ መጠበቅ የለባትም፤ በዚሁ ወር የባሏ ናሙና ታይቶ፣ በሚቀጥለው ዑደት ራጁ ተነስቶ፣ ሁሉም ወረቀት በአንድ ላይ ለማህፀን ሐኪም ይቅረብ።