የተጫነች አህያ ገበያ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅባታል?

ገጠር ውስጥ «ገበያው ሩቅ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ቅርብ ነው፣ ያንን ጋራ ዞር ስትሉ» ትባላላችሁ። ውሸት አይደለም። መላሹ ግን የሚያስበው በራሱ እግር፣ እጁን እያወዛወዘ ሲሄድ ነው። አንዴ ሰሜን ሸዋ ዘመዶቼ ጋ ሄጄ የሁለት ሰዓት ተኩል ነው የተባልኩትን መንገድ ጤፍ ከጫነች አህያ ጋር ብወጣው ከአምስት ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ስንደርስ ገበያው ሊፈታ ነበር፤ ነጋዴውም ጭነታችንን ይዘን እንደማንመለስ ስለገባው ዋጋውን ሰበረብን።

ከዚያ በኋላ ስሌቱን እንዲህ ነው የምሠራው።

መጀመሪያ የራሳችሁን አህያ ፍጥነት ለኩ። የተጫነች አህያ በሜዳ ላይ በሰዓት ከ3 ኪሎ ሜትር ተኩል እስከ 4 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብላችሁ ብትነሱ ብዙ አትሳሳቱም፤ ግን ሁሉም አህያ እኩል አይደለም። ስልካችሁ የሄዳችሁበትን እርቀት የሚመዘግብ ከሆነ ከፍታችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱትና ጭነቷን ይዛ አንድ ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ እንደጨረሰች እዩ። ካርታ ላይ በጣት ቀጥ አድርጎ መለካት ግን አይሠራም፣ የእግር መንገድ ጠመዝማዛ ነው። የእኛዋ ግማሽ ኩንታል ይዛ ኪሎ ሜትሩን በ16 ደቂቃ ትጨርሳለች።

ግማሽ ኩንታል ያልኩት በምክንያት ነው። የእኛ አገር አህያ ትንሽ ናት፣ ብዙዎቹ ከ110 እስከ 130 ኪሎ ቢመዝኑ ነው። ጀርባዋ ላይ ከክብደቷ ሲሶ ገደማ፣ ማለትም ወደ 40 ኪሎ ስትሸከም ቀኑን ሙሉ እርምጃዋ አይዛነፍም። 50 ኪሎ ሲሆን ጫፍ ላይ ናችሁ። ከዚያ በላይ የሚጭን ሞልቷል፣ አውቃለሁ። ግን የተረፈው ኪሎ መንገድ ላይ በሰዓት ይከፈላል፦ እርምጃዋ ያጥራል፣ ዳገት ላይ በየጥቂት ሜትሩ ትቆማለች፣ ጭነቱም ወደ ጎን መዝመም ይጀምራል። ኩንታሉን በሁለት አህያ ማካፈል ብዙ ጊዜ ቶሎ ያደርሳል።

ቀጥሎ ዳገቱ። እኔ ለየ100 ሜትር ከፍታ 12 ደቂቃ እጨምራለሁ። ቁልቁለትስ? ሰው ቁልቁለት ላይ ጊዜ የሚያተርፍ ይመስለዋል፣ ከተጫነች አህያ ጋር ግን ትርፍ የለም። ጭነቱ ወደ አንገቷ እየተንሸራተተ ይገፋታል፣ እሷም ኮቴዋን እየመረጠች ነው የምታስቀምጠው። መንገዱ ድንጋያማ፣ ቁልቁለቱም ቀጥ ያለ ከሆነ ለየ100 ሜትሩ 5 ደቂቃ ጨምሩ።

አሁን ማረፊያው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እሱ ላይ ነው። የመጀመሪያው ማቆሚያ ከቤት ከወጣችሁ ከ15 ደቂቃ በኋላ ነው፣ ለእረፍት ሳይሆን መጫኛውን ለማጥበቅ። እህሉ ጆንያው ውስጥ ረግቶ ገመዱ ይላላል፤ ያኔ ካላጠበቃችሁ በኋላ ዳገት መሃል ጭነቱ ይገለበጥና ብቻችሁን ከሆናችሁ መንገደኛ እስኪያልፍ ትጠብቃላችሁ። ከዚያ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል አቁሟት። ረዘም ያለ እረፍት ከሆነ ግን ጭነቱ መውረድ አለበት። ሃምሳ ኪሎ ተሸክማ የቆመች አህያ እያረፈች አይደለም፤ እናንተ ጥላ ስር ቁጭ ብላችሁ ነው ያረፋችሁት።

ጭነት የምታወርዱበትን ቦታ ውሃ ካለበት ጋር አጣምሩት። አህያ እንደ ሙቀቱና ሥራው በቀን ከ10 እስከ 25 ሊትር ትጠጣለች፣ መጠጣቱ ራሱ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው። ጊዜ የሚበላው ሌላው ነው፦ ማውረድ፣ መልሶ መጫን፣ ጉድጓድ ከሆነ ወረፋ፣ ውሃው ከደፈረሰ ደግሞ እሷ አሽትታ እምቢ ስትል ሌላ ቦታ ፍለጋ። ለዚህ ሁሉ 40 ደቂቃ ያዙ። አህያ ጥማቷን ደብቃ የምትሄድ እንስሳ ናትና «አልጠማትም» ብላችሁ አትለፉ። ድዷን በጣት ነክታችሁ ደርቆ ከተጣበቀባችሁ ቆይታችኋል ማለት ነው። ወንዝ መሻገር ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው መልካ ከሆነ ትገተራለች። እልኸኛ ሆና አይደለም፣ ጥልቀቱን ስላላወቀች ነው። ዱላ ነገሩን ያስረዝመዋል፤ መንገዱን የምታውቅ ሌላ አህያ ከፊት ብትሄድ ተከትላ ትገባለች።

እስቲ በቁጥር እንየው። መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወደ ወንዙ 200 ሜትር ይወርዳል፣ ከወንዙ ወዲያ 300 ሜትር ይወጣል። 12 በ16 ሲባዛ 192 ደቂቃ። ዳገቱ 36፣ ቁልቁለቱ 10። ማጥበቂያው 5፣ ሁለት አጭር እረፍት 20፣ ወንዙ ዳር 40። ድምሩ 303 ደቂቃ፣ አምስት ሰዓት መሆኑ ነው። እኔ በዚህ ላይ ሌላ ግማሽ ሰዓት እጨምራለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ነገር መበጠሱ አይቀርም። እንግዲህ ጠዋት 12 ሰዓት ከወጣችሁ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ገበያ ናችሁ። ቤት የምትጭኑበት 20 ደቂቃ እዚህ ውስጥ የለም።

መመለሻውን ከኋላ ወደ ፊት ነው የምታሰሉት። 12 ሰዓት ላይ ቤት መግባት አለባችሁ፣ ከመሸ ጅብ አለ፣ አህያ ደግሞ ዋነኛ ምርጫው ናት። ባዶዋን ኪሎ ሜትሩን በ13 ደቂቃ ብትሄድ 156፣ የ200 ሜትሩ ዳገት ያለ ጭነት 16፣ ውሃና እረፍት 25፣ መጠባበቂያ 20። ሦስት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ከገበያ የምትወጡት ቢዘገይ 8 ሰዓት ከ20 ላይ ነው፣ ለመሸጥም ለመግዛትም ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በመሃል እሷ ጥላ፣ ገለባና ውሃ ታግኝ። ስትመለሱ ጨውና ቡና ብቻ ሳይሆን ቆርቆሮም ልጫን ካላችሁ የ13 ደቂቃው ሒሳብ ፈረሰ፣ ወደ 16 ተመለሱ።

ጋሪ ከሆነስ? መቂና ዝዋይ አካባቢ እንዳለው ባለ ሜዳ አገር አንዲት አህያ በጋሪ ስምንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስትጎትት ታያላችሁ፣ ጀርባዋ ላይ ከምትችለው ሦስት እጥፍ በላይ ነው። በደረቅና ጠንካራ መንገድ ፍጥነቷም ከጭነት አህያ አይተናነስም። ግን ጋሪ አቋራጭ አያውቅም፣ ቦይና ድንጋይ ባለበት ሁሉ ይዞራል። ስለዚህ እርቀቱን በጋሪው መንገድ ለኩ እንጂ በእግር መንገዱ አይደለም። አሸዋ ላይ ወይም ጎማው አየር ሲያንሰው ወዲያው ትደክማለች። ጭነቱንም ጎማው አናት ላይ አመዛዝኑት፤ ወደ ፊት ካደላ ክብደቱ በሷ ላይ ያርፋል፣ ወደ ኋላ ካደላ ደግሞ የሆዷ ማሰሪያ ወደ ላይ ይስባታል።

ክረምት ላይ ግን ይህ ሁሉ ስሌት ለመረሬ መሬት አይሠራም። ጭቃው ኮቴዋን እየያዘ ያስቀራል። እኛ ሐምሌ ላይ ሰዓቱን በሁለት እናባዛለን፣ ወንዙ ከሞላ ደግሞ የዚያን ቀን ገበያ ቀረ።