መኪና ውስጥ እያወራን ስልካችን ከታወር ወደ ታወር እንዴት እንደሚሻገር

በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ስልክ እያወሩ ነው እንበል። በየሰከንዱ 20 ሜትር ይጓዛሉ ማለት ነው። «ሄሎ» ሲሉ አጠገብዎ የነበረው ታወር ከሁለት ደቂቃ በኋላ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ወሬው ግን አልተቋረጠም። በመሐል ጥሪው ከአንዱ ታወር ለሌላው ተላልፏል። ባለሙያዎቹ ሃንድኦቨር ይሉታል፤ እኔ እዚህ ርክክብ እለዋለሁ።

ብዙ ሰው ስልኩ ራሱ የተሻለውን ታወር መርጦ የሚሻገር ይመስለዋል። ስልኩ ኪስ ውስጥ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ነገሩ እንደዚያ ነው። ጥሪ ላይ ሲሆን ግን የስልኩ ሥራ መለካትና የለካውን መናገር ብቻ ነው፤ ውሳኔው የታወሩ ነው። ያውም የምንሄድበት ሳይሆን ትተነው የምንሄደው ታወር። ይህችን ነጥብ ይያዙልኝ፤ መንገድ ላይ ጥሪ ለምን እንደሚቆረጥ የሚገባን በእሷ ነው። ከዚህ በታች የምተርከው በ4ጂ ላይ ስለሚደረግ ጥሪ ነው።

ጥሪ ሳይኖር፦ ስልኩ ራሱ ይመርጣል

ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቷል። ባትሪ ለመቆጠብ ሬዲዮውን ያጠፋና በየአንድ ሰከንድ ገደማ ለቅጽበት ነቅቶ የሚጠራው ካለ ያዳምጣል። በዚያችው አጋጣሚ ያለበትንና የጎረቤቶቹን ታወሮች ሲግናል ይለካል። ጎረቤቱ በተወሰነ ልዩነት በልጦ ለጥቂት ጊዜ ከቆየ ስልኩ ፈቃድ ሳይጠይቅ ወደዚያ ይዞራል። ለኔትወርኩም አይናገርም።

ታዲያ ሰው ሲደውልልን ኔትወርኩ በምን ያገኘናል? ታወሮቹ በአካባቢ በአካባቢ ተቧድነዋል። ስልኩ የሚያሳውቀው ከተመዘገበበት አካባቢ ሲወጣ ነው፤ ጥሪ ሲመጣ ደግሞ በዚያ አካባቢ ያሉ ታወሮች ስልኩን ይጣሩታል። የሰማው ስልክ አቤት ይላል።

ጥሪው ሲጀመር፦ መለካት

አሁን ደወሉ። ታወሩ ወዲያው ለስልክዎ መመሪያ ይልካል፦ ምን ምን እንደሚለካ፣ ምን ሲያይ እንደሚያሳውቅ። እያንዳንዱ ታወር ማንነቱን የሚገልጽ ቁጥርና ኃይሉ የማይለዋወጥ ምልክት ያለማቋረጥ ይረጫል። ስልኩ የሚለካው ይህን ምልክት ነው። በነገራችን ላይ አንድ ታወር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሦስት አቅጣጫ የሚያዩ አንቴናዎች አሉት፤ እያንዳንዱ አቅጣጫ የራሱ ቁጥር ስላለው እዚያው አንድ ታወር ሥር እያለንም ርክክብ ሊደረግ ይችላል።

የልኬቱ ቁጥር ዲቢኤም በሚባል መለኪያ ከዜሮ በታች ነው የሚጻፈው፤ ለዜሮ የቀረበው ይበረታል። -80 ጥሩ ነው፣ -100 ደከም ያለ ነው፣ -120 አካባቢ ሲደርስ ጥሪ መያዝ ያዳግታል።

ጎረቤቱ በሌላ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ከሆነ ስልኩ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መስማት ላይችል ይችላል። ስለዚህ ታወሩ በየ40 ወይም በየ80 ሚሊ ሰከንዱ የ6 ሚሊ ሰከንድ ፋታ ይሰጠዋል። በዚያች ፋታ ስልኩ ወደ ሌላው ፍሪኩዌንሲ ዞሮ ለክቶ ይመለሳል። እኛ ምንም አይሰማንም።

መቼ ነው የሚያሳውቀው?

ጎረቤቱ በጥቂቱ በበለጠ ቁጥር ሪፖርት ቢላክ ጥሪው ሁለት ታወሮች መካከል ሲንከራተት በዋለ ነበር። ሲግናል በባሕርዩ ይዋልላል፤ የጭነት መኪና በአጠገባችን ሲያልፍ እንኳ ይወርዳል፣ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት መስፈርት ተቀምጧል። ጎረቤቱ በተወሰነ ዲቢ መብለጥ አለበት፣ የሁለት ዲቢኤም ልኬቶች ልዩነት ዲቢ ይባላል፤ ብልጫው ደግሞ ሳይቋረጥ ለተወሰነ ጊዜ መቆየት አለበት።

በቁጥር እንየው። ሁለት ታወሮች ቀጥ ያለ መንገድ ዳር 2 ኪሎ ሜትር ተራርቀው ቆመዋል፣ እኩል ኃይል ይረጫሉ እንበል። ርቀት በአሥር እጥፍ በጨመረ ቁጥር ሲግናሉ 35 ዲቢ ይቀንሳል ብለን እናስላ፤ ለከተማ መንገድ የሚቀርብ ግምት ነው። መኪናው መሐል ላይ፣ ከሁለቱም 1000 ሜትር ርቀት ላይ ሲደርስ ሁለቱም -95 ይሆናሉ እንበል። የተቀመጠው ብልጫ 3 ዲቢ ነው፣ የመቆያው ጊዜ ደግሞ 320 ሚሊ ሰከንድ።

መኪናው መሐሉን አልፎ ወደ 100 ሜትር ገደማ ሲሄድ የኋላው ታወር ወደ -96.4 ይወርዳል፣ የፊተኛው ወደ -93.4 ይወጣል። ልዩነቱ 3 ዲቢ ሞላ። ከዚያ 320 ሚሊ ሰከንድ መቆየት አለበት፤ በዚያች ጊዜ መኪናው 6 ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። ያን ጊዜ ሪፖርቱ ይላካል። ማለትም ስልኩ የቀረበውን ታወር ትቶ የራቀውን ይዞ 5 ሰከንድ ያህል ተጉዟል። ይህ ጥፋት አይደለም፣ ታስቦበት ነው። ብልጫው 6 ዲቢ ቢሆን ኖሮ ርክክቡ ወደ 200 ሜትር ይዘገይ ነበር። ቁጥሮቹን የሚመርጠው የኔትወርክ መሐንዲሱ ነው፤ ለፈጣን አውራ ጎዳና አጠር፣ ሰው በእግር ለሚንቀሳቀስበት ሰፈር ረዘም ማድረግ ይኖርበታል።

ርክክቡ

ሪፖርቱ የደረሰው የኋላው ታወር ለፊተኛው «ይህን ስልክ ትቀበለኛለህ?» የሚል ጥያቄ ይልካል። የፊተኛው ቦታ እንዳለው ያያል፤ ካለው ለስልኩ መግቢያ የምትሆን አንዲት ምልክት ለይቶ ያስቀምጥና መልስ ይሰጣል። የኋላው ያንን መልስ ለስልኩ ያስተላልፋል፦ ወደ እገሌ ቁጥር ሂድ፣ በዚህ ምልክት አንኳኳ።

ስልኩ ትዕዛዙን እንደሰማ የድሮውን ይለቃል። በ4ጂ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የለም፤ በ3ጂ ነበረ፣ ስልኩ በአንድ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ታወር ጋር ይያያዝ ነበር። አሁን ግን ለቆ፣ ከአዲሱ ጋር ሰዓቱን አስተካክሎ፣ በተሰጠው ምልክት አንኳኩቶ «መጥቻለሁ» ይላል። ምልክቷ ለእሱ ብቻ ስለተያዘች ከሌላ ስልክ ጋር አይጋጭም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ድምፅ የሚቋረጠው 50 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው። ድምፃችን የሚጓዘው በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ተቆራርሶ ስለሆነ ቢጠፉ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጮች ናቸው። የድሮው ታወር እጁ ላይ የቀሩትን ለአዲሱ ያስተላልፋል፤ የጎደለውን ደግሞ ስልኩ ከቀደመው ድምፅ አስመስሎ ይሞላዋል። ለዚህ ነው ጆሯችን የማያውቀው። በመጨረሻ አዲሱ ታወር ለዋናው ኔትወርክ ያሳውቅና የጥሪው መንገድ ወደ እሱ ይዞራል።

የሚበላሸው የት ላይ ነው?

የሂድ ትዕዛዙ የሚመጣው እየደከመ ካለው ታወር ነው ብያለሁ። መኪናው ወደ ቀኝ ታጠፈና አንድ ትልቅ ሕንፃ የኋላውን ታወር ጋረደው እንበል። ሲግናሉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 20 ዲቢ ሊወርድ ይችላል። ስልኩ የፊተኛውን ታወር አጥርቶ ይሰማዋል፤ ነገር ግን የመቆያው ጊዜ ገና አላለቀም፤ ቢያልቅም ሪፖርቱ ለኋላው አይደርስም፤ ቢደርስም ትዕዛዙ ለስልኩ አይደርስም። ጥሩ ታወር ፊቱ ቆሞ ጥሪው ይሞታል። ዘግይቶ የመጣ ርክክብ የሚባለው ይህ ነው።

ስልኩ ግን ቶሎ ተስፋ አይቆርጥም። አንድ ሰከንድ ያህል ሲግናሉ ይመለስ እንደሆነ ይጠብቃል። ካልተመለሰ ግንኙነቱ ጠፍቷል ብሎ ያገኘውን ጠንካራ ታወር ራሱ ያንኳኳል። ያ ታወር ስለ ስልኩ አስቀድሞ ተነግሮት ከሆነ ወይም መረጃውን ከድሮው ማግኘት ከቻለ ጥሪው ይቀጥላል። ለእኛ የሚሰማን ይህ ነው፦ ድምፁ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ጭልጥ ይልና «ትሰማኛለህ?» ስንል ይመለሳል። እንዲህ ያለ ዝምታ በገጠመዎ ጊዜ ርክክቡ ከሽፎ ስልኩ ራሱን ያዳነ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ብልሽት የኋላው ታወር ጎረቤቱን ጨርሶ አለማወቁ ነው። አዲስ ታወር ተተክሎ በዝርዝሩ ውስጥ ካልገባ፣ ስልኩ ቁጥሩን ቢያሳውቅም አስረካቢው የማን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። 4ጂ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች 504 ብቻ ስለሆኑ በየቦታው ይደጋገማሉ፤ ሁለት ጎረቤቶች አንድ ቁጥር ከያዙም ጥሪው ለተሳሳተው ታወር ሊላክ ይችላል።

በዓይን ለማየት

መንዳቱን ሌላ ሰው ይያዝልዎ፤ እርስዎ ከጎን ይቀመጡ። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች መደወያው ላይ የመጀመሪያውን፣ በአይፎን ሁለተኛውን ይጻፉ፤ ለአይፎኑ የመደወያ ምልክቱንም መጫን ያስፈልጋል።

```
*#*#4636#*#*
*3001#12345#*
```

በሚከፈተው ገጽ ላይ `PCI` እና `RSRP` የሚሉትን ይፈልጉ። የመጀመሪያው የታወሩ ቁጥር ነው፣ ሁለተኛው የሲግናሉ ልኬት። አቀማመጡ ከስልክ ስልክ ይለያያል፤ አንዳንዱ አምራችም ዘግቶታል። ለሰው ይደውሉና ጥሪው ሳይዘጋ ወደዚህ ገጽ ይመለሱ።

እኔ ስሞክረው መጀመሪያ የገረመኝ የ`RSRP` አወራረድ ነበር። -88፣ -93፣ -97 እያለ ቀስ ብሎ ይወርድና የ`PCI` ቁጥሩ በድንገት ይቀየራል፤ ልኬቱም ወዲያው -92 ላይ ይገኛል። ጆሮዬ ላይ የነበረው ሰው ዓረፍተ ነገሩን እንኳ አላቋረጠም።

ቁጥሩ በሁለት `PCI` መካከል በየጥቂት ሰከንዱ የሚመላለስ ከሆነ የተቀመጠው ብልጫ አንሷል ማለት ነው። ልኬቱ እስከ -115 ወርዶ `PCI` ሳይቀየር ጥሪው ከተቆረጠ፣ ያውም ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ፣ ስልክዎን አይቀይሩ፤ ጥርጣሬው የሚያርፈው በዘገየ ርክክብ ወይም ባልተመዘገበ ጎረቤት ላይ ነው። ለአገልግሎት ሰጪው ሲያመለክቱ የቦታውን ስም፣ የሚሄዱበትን አቅጣጫና ሰዓቱን፣ ከመቆረጡ በፊት ያዩትንም `PCI` ይንገሩ። አቅጣጫው አይረሳ፤ ሲሄዱ የሚቆረጥ ጥሪ ሲመለሱ ላይቆረጥ ይችላል፣ አስረካቢና ተረካቢ ይለዋወጣሉና። በየቀኑ በተለያየ ቦታ የሚቆረጥ ከሆነ ግን ስልኩን ራሱን፣ ወይም የያዙበትን ቦታ ይጠርጥሩ፤ የመኪናው ብረት ሲግናል ያዳክማልና ስልኩን ወደ መስኮት ማስጠጋት ጥቂት ዲቢ ይመልሳል።

የዘገየ ርክክብን ከሥሩ ለመፍታት በ2020 የተጠናቀቀው የ5ጂ ደንብ፣ ሪሊዝ 16 የሚባለው፣ አንድ መላ አምጥቷል። የኋላው ታወር ሲግናሉ ገና ደህና ሳለ ጎረቤቶቹን አስቀድሞ ያነጋግርና ትዕዛዙን ከነመስፈርቱ ለስልኩ ይሰጠዋል፦ እገሌ ይህን ያህል ሲበልጠኝ እኔን ሳትጠይቅ ሂድ። መኪናው ከሕንፃው ጀርባ ሲታጠፍ ትዕዛዙ ስልኩ ውስጥ ነው።