ራኬቱን እንዴት ልያዝ? ሼክሃንድ ወይስ ፔንሆልድ

ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ አካባቢ ጠረጴዛ ቴኒስ በሚጫወቱበት ቦታ ቆም ብላችሁ ብታዩ አብዛኛው ሰው ራኬቱን የሚይዘው እጅ እንደሚጨብጥ አድርጎ ነው። ይሄ ሼክሃንድ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ አንዱ ይመጣና ራኬቱን ወደታች ዘቅዝቆ እንደ እስክሪብቶ ይይዘዋል። ይሄኛው ፔንሆልድ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰርቩን ማንም አይመልስለትም። ቆይቶ ግን አንድ ነቄ ያለ ተጫዋች በግራው በኩል ረጅም ኳስ ይደጋግምበትና ጨዋታው ይገለበጣል።

ሁለቱም አያያዝ የታወቀ ደካማ ቦታ አላቸው። የትኛው ይሻላል ብሎ ከመከራከር በፊት ያንን ቦታ ማወቅ ይጠቅማል። የምጽፈው ለቀኝ እጅ ተጫዋች ነው፤ በቀኝ በኩል የሚመታው ፎርሃንድ፣ በግራ በኩል የሚመታው ባክሃንድ ነው። ግራኝ ከሆናችሁ ገልብጣችሁ አንብቡት።

በመጀመሪያ ሼክሃንድን በትክክል ያዙ

የመሀል ጣት፣ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት እጀታውን ላላ አድርገው ይጠቅልሉት። ሌባ ጣት በባክሃንዱ በኩል የጎማውን የታችኛውን ጠርዝ ተከትላ ትጋደም። አውራ ጣት በሌላኛው ፊት፣ እጀታውና ጎማው በሚገናኙበት አካባቢ ትረፍ። አሁን ራኬቱን ከላይ ሆናችሁ እዩት። የራኬቱ ጠርዝ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ወዳለው ገባ ያለ ቦታ በቀጥታ ከመጣ ልክ ነው።

ጀማሪ ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት ሌባ ጣትን ወደ ጎማው መሀል ቀጥ አድርጎ መዘርጋት ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ባክሃንድ ስትመቱ ኳሱ ጣታችሁን ይነካል። ሌላው አንቆ መያዝ ነው። ጓደኛችሁ ራኬቱን ጎተት ሲያደርገው ትንሽ ታግሎ ካልወጣለት አጥብቃችኋል ማለት ነው፣ የእጅ አንጓችሁም አይንቀሳቀስም።

ቀጥሎ ፔንሆልድን ሞክሩ

እጀታው ወደላይ፣ የራኬቱ ጭንቅላት ወደታች ይሁን። እጀታው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይቀመጥ። ሁለቱ ጣቶች ከፊት በኩል ይታጠፉና እጀታው ከእንጨቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይቆንጥጡ፣ ግን እርስ በርስ አይነካኩ። ቀሪዎቹ ሦስት ጣቶች ከኋላ አጠፍ ብለው አንዱ በሌላው ላይ ይደራረቡ። ጣቶቹን ከኋላ ቀጥ አድርገው የሚዘረጉም አሉ፤ ፎርሃንዱን ያጠነክርላቸዋል፣ ባክሃንዱን ግን የባሰ ያስረዋል።

ቁልፉ ያለው የፊቶቹ ሁለት ጣቶች ላይ ነው። ፎርሃንድ ስትመቱ አውራ ጣት ይጫናል፣ ሌባ ጣት ይላላል። በግራ በኩል ስትከላከሉ ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ሌባ ጣት ይጫናል፣ አውራ ጣት ይለቃል። አውራ ጣታችሁን ካልለቀቃችሁ የራኬቱ ፊት ወደ ሰማይ ይከፈትና የመለሳችሁት ኳስ ከፍ ብሎ ለተጋጣሚ ይቀርብለታል።

ስታዲየም ዙሪያ ያሉ የስፖርት ዕቃ ሱቆች ገብታችሁ ራኬት ስትጠይቁ በአብዛኛው የሚሰጧችሁ ረጅም እጀታ ያለውን የሼክሃንድ ራኬት ነው። የፔንሆልድ እጀታ አጭር ነው። በረጅሙ መሞከር ይቻላል፣ ግን እጀታው ከእጅ በላይ ተርፎ አንጓውን ይቆረቁራል። ለሙከራ ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ አይመከርም።

አሁን ደካማ ቦታውን ፈልጉ

ጓደኛችሁን ፊት ለፊት አቁሙና ፈጠን ያለ ኳስ ወደ ሦስት ቦታ እያቀላቀለ እንዲልክላችሁ ንገሩት፦ ወደ ቀኝ ጥግ፣ ወደ ቀኝ ክርናችሁ፣ ወደ ግራ ጥግ። የት እንደሚልክ አስቀድሞ አይንገራችሁ።

በሼክሃንድ ከሆነ ሁለቱን ጥጎች ትመልሳላችሁ፣ ክርን ላይ ትጨናነቃላችሁ። ምክንያቱም ፎርሃንድና ባክሃንድ የሚመቱት በተለያየ የራኬት ፊት ነው። ለፎርሃንድ ክርን ወደኋላ መሄድ አለበት፣ ለባክሃንድ ወደፊት መምጣት አለበት። ክርኑ ላይ የመጣ ኳስ ደግሞ የትኛውን እንደምትመርጡ ሳትወስኑ ይደርሳል። እዚህ ከተማ ላይ ችግሩ ትንሽ ይብሳል። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ኳሱ ብዙም ሳይዘገይ ይመጣል።

መፍትሔው እግር ነው። እጅን ማጣመም አያዋጣም። ባክሃንድ ለመምታት ከወሰናችሁ ወደ ቀኝ ግማሽ እርምጃ ውጡ፣ ኳሱ ከፊታችሁ ይሆናል። ፎርሃንድ ካማራችሁ ወደ ግራ ውጡ። ለጀማሪ ባክሃንዱን እመርጣለሁ፣ ምቱ አጭር ስለሆነ ለመድረስ ይቀላል።

ፔንሆልድ ይዛችሁ ያንኑ ስትሞክሩ ግን ክርን ላይ የመጣው ኳስ ብዙም አያስጨንቅም። በባህላዊው ፔንሆልድ በሁለቱም በኩል የምትመቱት በአንድ ፊት ነው፣ ስለዚህ የሚመረጥ ነገር የለም፣ ራኬቱን ሆድ ፊት ለፊት አድርጎ መግፋት ይበቃል። የሚሰበረው ግራ ጥግ ላይ ነው። እዚያ ረጅም ቶፕስፒን፣ ማለትም ወደፊት እየተሽከረከረ የሚሄድ ኳስ፣ ሲመጣና ነጥሮ ከፍ ሲል አንጓው ወደዚያ አቅጣጫ ብዙ አይዞርም፣ ስለዚህ መከላከል እንጂ በኃይል ማጥቃት ከባድ ነው። አማራጩ ሮጦ ግራ ጥግ ላይ ቆሞ በፎርሃንድ መምታት ነው። የኮሪያው ሪዩ ሱንግ ሚን በ2004 የአቴንስ ኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደው በዚህ ዓይነት ጨዋታ ነው፣ እግሩ ግን የጉድ ነበር። ግራ ጥግ ላይ ቆማችሁ መትታችሁ ኳሱ ከተመለሰ ደግሞ ቀኙ ሜዳ ሙሉ ባዶ ነው።

ቻይናዎች ለዚህ መላ አበጁለት። ከራኬቱ ጀርባም ጎማ ለጥፈው ግራውን በጀርባው ፊት መምታት ጀመሩ። ሊዩ ጉኦሊያንግ በ1990ዎቹ አሳየው፣ ዋንግ ሃኦ ደግሞ ባክሃንዱን ከሞላ ጎደል በሙሉ በዚህ ሠራው። አሁን ፈረንሳዊው ፌሊክስ ለብሩን በዚሁ አያያዝ በ2024 ፓሪስ ላይ የነጠላ ነሐስ ወስዷል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አውራ ጣት ይጫናል፣ ሌባ ጣት ይላላል፣ አንጓው ወደ ውስጥ ዞሮ የጀርባው ጎማ ወደፊት ይመጣል። ግን በነፃ የመጣ አይደለም። ሁለት ፊት መጠቀም ስትጀምሩ ክርን ላይ የመምረጥ ጣጣው እናንተም ጋ ይመጣል። ሁለተኛው ጎማም ራኬቱን ያከብደዋል፣ ክብደቱ ደግሞ ጭንቅላቱ ላይ ስለሆነ አንጓ ያማል። አንጓችሁ ካመማችሁ አቁሙ፣ ቀለል ያለ ራኬት ፈልጉ።

ታዲያ የቱን ልያዝ?

ጠንካራ ፎርሃንድ ካላችሁ፣ መሮጥ ከወደዳችሁና መረብ አካባቢ በሚደረግ አጭር ጨዋታ ከተደሰታችሁ ፔንሆልድ ይስማማችኋል። ካልሆነ ሼክሃንድ ያዙ። በተለይ የሚያሠለጥናችሁ ሰው ሼክሃንድ ተጫዋች ከሆነ የጣት አጫጫኑን የሚያርማችሁ አታገኙም።

ፔንሆልድ በሰርቭ ላይ ያለውን ብልጫ ግን ሼክሃንድ ተጫዋችም መዋስ ይችላል። ሰርቭ ከማድረጋችሁ በፊት ሦስቱን ጣቶች ከእጀታው ልቀቁና ራኬቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብቻ ያዙት፤ አንጓው ነፃ ይሆናል፣ ኳሱ የበለጠ ይሽከረከራል። ኳሱን እንደመታችሁ ወዲያው ጣቶቹን መልሱ። ከዘገያችሁ የሚታወቀው በመጀመሪያው ባክሃንድ ነው፣ ራኬቱ እጃችሁ ውስጥ ይዞርና ኳሱ ወደ ጎን ይወጣል።