ስለ ዋጋ ግሽበት ሲተረክ ካሜራው ምን ያሳይ?

ደብረ ብርሃን ገበያ ገብታችሁ ስለ ዋጋ ግሽበት አጭር ቪዲዮ ልትሠሩ ነው እንበል። ገብሱ ይቀረፃል፣ በጉ ይቀረፃል፣ ግሽበት ግን አይቀረፅም። ቢ-ሮሉ፣ ማለትም ትረካው ሲሰማ የሚታየው ምስል፣ ቀድሞ ካልታቀደ ችግሩ ኤዲቲንግ ላይ ይወጣል። ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ብር ሲቆጠር ብቻ መቅረፅ። የብር ቆጠራ ምስል ለሎተሪም ለባንክም ይሆናል። ግሽበት ለውጥ ስለሆነ ምስሉ የበፊቱንና የአሁኑን ጊዜ ማሳየት ይገባዋል። ትረካው «ብር የመግዛት አቅሙ ወረደ» ካለ፣ ትራይፖድ ተክላችሁ ሚዛንና አንድ የ200 ብር ኖት አንድ ላይ ቅረፁ። የገብስ ኪሎ ዋጋ ከ80 ወደ 100 ብር ወጥቶ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሁለት ኪሎ ተኩል፣ ቀጥሎ ሁለት ኪሎ ይመዘን። ካሜራውም ብሩም አይነቃነቁ። ሁለቱ ሾቶች ሲቆራኙ ገብሱ ብቻ ያንሳል። የድሮውን ዋጋ ከባለሱቁ የዱቤ ደብተር ማግኘት ይቻላል። ደብተሩ ራሱም ግሩም ክሎዝ አፕ ነው፤ የተበዳሪዎቹን ስም ግን ሸፍኑ፣ ሰው ይታዘባችኋል።

ወቅትን ከግሽበት ማምታታት። ይህኛው አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ምስሉ እውነት ይመስላል። የመንዝ በግ በፋሲካ ዋዜማና በጾሙ መሃል ያለውን ዋጋ አነጻጽሮ «ግሽበት» ማለት ተመልካችን ማሳሳት ነው። ገብስም ከአጨዳ በፊትና በኋላ አንድ ዋጋ የለውም። ፋሲካን ከፋሲካ ጋር አነጻጽሩ። ደግሞ ግሽበት የአጠቃላይ ዋጋ ንረት ስለሆነ የአንድ ዕቃ ዋጋ ብቻውን አያሳየውም። ከበጉ ቀጥሎ ዘይት፣ ሳሙና፣ የባጃጅ ሒሳብ፣ የቤት ኪራይ ይከተሉ።

«ግሽበት ቀነሰ» ሲባል ርካሽ ገበያ ማሳየት። ግሽበት ቀነሰ ማለት የዋጋው ጭማሪ ቀዘቀዘ እንጂ ወረደ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ፈገግ ያለ ሸማች ብታስገቡ ምስሉ ትረካውን ይዋሸዋል። ይልቅ አንድ እጅ ካርቶን ላይ 100 ይጻፍ፣ ይሰረዝና 130 ይጻፍ፣ እሱም ተሰርዞ 143። መጀመሪያ 30 በመቶ ጨመረ፣ ቀጥሎ 10 በመቶ። ግሽበቱ ወረደ፣ ዋጋው ግን ወጣ። ስክሪኑ ላይ «ምሳሌ» ብላችሁ መጻፍ አትርሱ፣ አለዚያ የገበያው ትክክለኛ ዋጋ ይመስላል።

ሳይለኩ መውጣት። ስክሪፕቱን ለሁለት ከፍላችሁ በግራ ትረካውን፣ በቀኝ ምስሉን ጻፉ። ከዚያ ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ በስልክ ሰዓት ያዙ። 12 ሰከንድ የሚፈጅ ዓረፍተ ነገር በአማካይ ሦስት ሾት ይፈልጋል። በቀኝ በኩል «ኑሮ ተወደደ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ገና ምስል አላገኛችሁም፤ ማን፣ የት፣ ምን ሲያደርግ እንደሚቀረፅ እስኪታወቅ አትውጡ። እያንዳንዱን ሾት ቢያንስ 10 ሰከንድ ቅረፁ፤ ለሚዛኑ ደግሞ መርፌው እስኪረጋ ጠብቁ።