ከውጭ የመጣ ዕቃ የነጠላ ዋጋው ከስሌት በላይ ሲሆን

በስሌት 33.50 ዶላር የወጣው ዕቃ፣ ክፍያው ሁሉ ተጠናቆ ሲታይ 37.50 ሆነ።

መጀመሪያ 20% ቀረጥና 15% ተጨማሪ እሴት ታክስ ተደምረው፣ 35% በግዢ ደረሰኙ 4,000 ላይ ተሰላ፤ ሌላው ወጪ 1,300 ታክሎ የመጣው 6,700 ለ200 ዕቃ ተካፈለ። ምንዛሪውን ደግሞ ማጣራትም ልዩነቱን አልዘጋውም።

የሠራው መንገድ ደረጃ በደረጃ ማስላት ነው። የመርከብ ጭነትና መድን 1,000 ስለነበር ቀረጡ በ5,000 ላይ ይሰላል፤ 1,000 ይመጣል። ታክሱ ቀረጡንም ጨምሮ በ6,000 ላይ ነው፤ 900። ማስለቀቂያና የአገር ውስጥ ማጓጓዣ 300 ሲታከል 7,200 ይሆናል። ከ200ው 8ቱ ተሰብረው ስለመጡ ማካፈያው 192 ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይሄ ነው።

ታክሱን ማስመለስ የሚችል ነጋዴ 900ውን ይቀንስ፤ ዋጋው ወደ 32.81 ይወርዳል። ቀረጡን ያለ ጭነቱ የሚያሰሉ አገሮችም ስላሉ አስቀድሞ ይጣራ።